እሑድ ፋሲካ፣ ሰኞ ማራቶን፦ ከሯጮች ክራችን

ቦስተን ማራቶን በየዓመቱ በፈረንጆቹ ኤፕሪል ሦስተኛው ሰኞ ላይ ይሮጣል። በ2017 ዓ.ም. ያ ሰኞ ሚያዝያ 13 ዋለ። ፋሲካ ደግሞ በዋዜማው፣ ሚያዝያ 12። አስቡት እንግዲህ። ዓርብ ስቅለት፣ ቅዳሜ ቀዳም ስዑር፣ እሑድ ትንሣኤ፣ ሰኞ 42 ኪሎ ሜትር። ይህ ግጥምጥሞሽ እኛ ሯጮች በኢንተርኔት በምንጽፍበት መድረክ ላይ ረዥም የጥያቄና መልስ ክር ወለደ። የጸሐፊዎቹን ስም ትቼ የመልሶቹን ተራ ቁጥር ብቻ ይዤ ላውራችሁ። ስለ ጫማ ዋጋ የተነሳውን ጭቅጭቅ ዘልዬዋለሁ።

ጥያቄውን የከፈተችው ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ሴት ናት። ክብደቷ 60 ኪሎ ነው። በ3 ሰዓት ከ30 ደቂቃ መግባት ትፈልጋለች። ሁዳዴን ጾማዋለች። ስቅለት ላይ ትሰግዳለች፣ ዓርብ ማታ ትንሽ ቀምሳ አክፍሎት ትይዛለች። ቅዳሜ ቦስተን ገብታ የሩጫ ቁጥሯን ትወስዳለች። ከዚያ እዚያው ከምትኖር አክስቷ ጋር ቤተ ክርስቲያን አድራ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ትገድፋለች። በነጋታው ሩጫ ነው። የውጭ አገር የሩጫ መጽሔቶች ከማራቶን በፊት ሁለት ቀን ሙሉ ካርቦሃይድሬት ጫኑ ይላሉ። እሷ ግን ከሁለቱ ቀናት አንዱን ምንም አትቀምስም። የቀረው አንድ ቀን ደግሞ የዶሮ ወጥ ቀን ነው። ሁለት ነገር ጠየቀች። ሁለት ወር መጾሟ ጉልበቷን አሟጦት ይሆን? በአንድ ቀንስ መሙላት ይቻላል?

1ኛው መልስ መልካም ምኞትና የአበባ ምስል ነበር። 2ኛው ከአዲስ አበባ መጣ። ሰውየው በታላቁ ሩጫ ዋዜማ ሁልጊዜ ክትፎ እንደሚበላና አንድም ቀን ተቸግሮ እንደማያውቅ ጻፈ። ደስ ይላል፣ ግን ታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር ነው። አንድ ሰዓት ገደማ ለሚፈጅ ሩጫ በሰውነት ውስጥ የተከማቸው የካርቦሃይድሬት ስንቅ ይበቃል፣ የተለየ ጭነት አያስፈልገውም። ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ለሚሮጥ ሰው ነው። ይህን ማንም አላረመውም። እንዲያውም ሦስት ሰዎች ክትፎው የት ቤት እንደሆነ ጠየቁ።

3ኛው መልስ ግማሹ እውነት ነው። ጸሐፊው ከድሮ አሰልጣኙ የሰማውን አመጣ። ሩጫው ሳምንት ሲቀረው ለሦስት ቀን ካርቦሃይድሬት መተውና ጠንክሮ መሮጥ፣ ከዚያ ለሦስት ቀን መጫን። ጡንቻው ከተራበ በኋላ ከበፊቱ የበለጠ ይሰበስባል፤ ስለዚህ ጾሙ ማራቆቱን ሠርቶልሻል፣ እድለኛ ነሽ አላት።

እዚህ ላይ 4ኛው ገባ። ቀድሞ ሱሉልታ አካባቢ የሠለጠነ ሯጭ ነው። አሁን ጀርመን አገር በስፖርት ምግብ ሙያ ይሠራል። በትህትና ጀመረ። አሰልጣኙ የነገሩት ዘዴ ስዊድናውያን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የደረሱበት እንደሆነና በጊዜው ትልቅ ነገር እንደነበር መሰከረ። ነገር ግን በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲፈተሽ ማራቆቱ አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም። ልምምድ ቀንሶ ካርቦሃይድሬት የጨመረም ከሞላ ጎደል እኩል ይሞላል። ማራቆቱ የሚተርፈው ለድካም፣ ለንጭንጭና ለጉንፋን ነው አለ። ከዚያ ዋናውን ነጥብ አነሳ። የጾም ምግብ ካርቦሃይድሬት አያንሰውም። ያለ ሥጋና ያለ ቅቤ የቀረው እንጀራ፣ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ በሶ፣ ሙዝ ነው። ሁዳዴ ያራቆተው ነገር የለም። የሚያሳስበው ቅዳሜ አንዷ ቀን ብቻ ናት።

ምሳሌም ሰጠ። የታወቁ ኢትዮጵያውያን ሯጮች ምን እንደሚበሉ የተመዘነበት ጥናት አለ፣ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ። ሯጮቹ በየቀኑ በአንድ ኪሎ ክብደታቸው ወደ 10 ግራም የሚጠጋ ካርቦሃይድሬት ይበሉ ነበር። ሌላው ዓለም ለውድድር ዋዜማ የሚመክረው መጠን እኮ ይኸው ነው፣ ከ10 እስከ 12 ግራም። ስለዚህ ለእነሱ ዋዜማ ማለት መብሉን መጨመር ሳይሆን ሩጫውን መቀነስ ነው። በእኔ እይታ ከክሩ ሁሉ ምርጡ ሐሳብ ይህ ነው። አብዛኛው ሰው ግን አለፈው።

5ኛው መልስ አጭር ነበር፤ ታዲያ ለ60 ኪሎ ሰው ስንት እንጀራ ነው? 6ኛው ያው 4ኛው ሰው ነው። ሒሳቡን ቁጭ ብሎ ሠራው። 60 ኪሎ በ10 ግራም ሲባዛ 600 ግራም ይሆናል። ከእንጀራ ክብደት ሲሶው ገደማ ካርቦሃይድሬት ነው፣ አብዛኛው ቀሪው ውኃ ነው። ያንን ሁሉ ከእንጀራ ልውሰድ ያለ ሰው በቀን ሁለት ኪሎ የሚጠጋ እንጀራ መጨረስ አለበት፣ ወጡ ሳይቆጠር። አይቻልም። ቢቻል እንኳ ጤፉ፣ ሽሮውና ምስሩ የያዙት አሰር ሰኞ ጠዋት አንጀት ውስጥ ይነቃል። ስለዚህ በጾሙ ወራት እንጀራ፣ በመጨረሻው ቀን ነጭ ነጩን፤ ነጭ ሩዝ፣ ነጭ ፓስታ፣ ነጭ ዳቦ፣ የተላጠ ድንች። ሌላ ጊዜ ጤናማ አይደለም የምንለው ሁሉ ለአንድ ቀን ይመረጣል።

በአንድ ቀን መሙላትን በተመለከተ ደግሞ ተስፋ ሰጣት። በደንብ የሠለጠኑ ሰዎች እያረፉ በኪሎ 10 ግራም ሲበሉ ጡንቻቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንደሚሞላ አውስትራሊያ ውስጥ ተፈትኗል። ቃሉ ግን እያረፉ የሚል ነው። እሑድ ከዘመድ ቤት ዘመድ ቤት መዞር የለም።

ከዚያ የእሑዱን ቀን እንዲህ አወጣላት። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሁለት ሾርባ ማንኪያ ማር ያለበት አንድ ብርጭቆ በሶ፣ ቀጠን አድርጋ በጥብጣ። ይህ 70 ግራም ገደማ ነው። ከዚያ እንቅልፍ። ስትነሳ አራት ቁራጭ ነጭ ዳቦ በማርማላታ፣ ከስኳር ሻይ ጋር፤ ወደ 90 ይሆናል። ረፋድ ላይ ሁለት ሙዝና ትልቅ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ፣ 80። ምሳ ሳይበስል 150 ግራም የሚመዝን ፓስታ በቲማቲም ስጎ፣ ዘይቱ ተቀንሶ፣ 110። ከሰዓት ዳቦ በማርና ሌላ ብርጭቆ ጭማቂ፣ 80። እራት በጊዜ፣ 12 ሰዓት ሳይሞላ፣ ሁለት ስኒ የበሰለ ሩዝና ሁለት ድንች፣ 150 ገደማ። ስትደምሩት 580 ይመጣል። የጎደለውን በሻይ ስኳር ሙይው አላት። አንድ ነገር ልብ በሉ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ የጾም ያልሆነ ምግብ የለም። ሰውየው ይህን አልተናገረም፣ እኔ ነኝ ያየሁት።

7ኛዋ መልስ ሰጪ እናት ናቸው። ሌሊት ላይ በበሶ መግደፍ ምን የሚሉት ነው ብለው ተገረሙ። መጀመሪያ ተልባ መጠጣት አለባት፣ ሆድን ያለሰልሳል፤ ከዚያ ዶሮዋን ትቅመስ፣ አክስቷንም አታስቀይም። 8ኛው መልስ፣ አሁንም ያው ባለሙያ፣ እማማን አከበራቸው። ተልባ ሆድ እንደሚያለሰልስ እውነት ነው አለ፤ ችግሩም እሱ ነው። ሆፕኪንተን መነሻው ላይ በሺህ የሚቆጠር ሰው ለተንቀሳቃሽ መጸዳጃ ቤት ተሰልፎ ይቆማል። ስለ ዶሮ ወጡም፣ 55 ቀን ቅቤ ያልነካው ሆድ በአንድ ሌሊት ቅቤና በርበሬ ሲወርድበት ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። ቅቤ ሆድ ውስጥ ይቆያል፣ ጥጋቡም የሩዙን ቦታ ይወስዳል። እንቁላሏን ከወጡ አውጥታ፣ ጠረግ ጠረግ አድርጋ ትብላ፤ የቀረው ለሰኞ ማታ ይቀመጥላት። እማማ በ9ኛው መልስ ተስማሙ፣ ግን አንድ ጉርሻ የገደለው ሰው የለም ብለው ዘጉት።

10ኛው መልስ ማንም ያላሰበውን አመጣ፤ ስግደቱን። ጸሐፊው ዲያቆን ነበር፣ አሁን በፍራንክፈርት ግማሽ ማራቶን ይሮጣል። ስቅለት ላይ መቶ፣ ሁለት መቶ፣ ከዚያም በላይ የሚሰግድ አለ። ቁጭ ብድግ ማለት ነው። በነጋታው ጭን ይታመማል፣ በሁለተኛው ቀን ደረጃ መውረድ አያስችልም። ከስቅለት እስከ ሰኞ ሦስት ቀን ነው። የቦስተን መንገድ ደግሞ ከመነሻው ቁልቁል ይወርዳል፤ ቁልቁለት የሚመታውም ያንኑ የፊት ጭን ነው። ባለሙያው በ11ኛው መልስ ተደነቀበት። በሕመም የተጎዳ ጡንቻ ስንቁን ቀስ ብሎ እንደሚሞላም ጨመረ። በኪሎ 10 ግራም ብትበላም ጭኗ ላይደርስ ይችላል። ስግደቱን ለካህንና ለእሷ እተወዋለሁ አለ፤ እንደ ሙያው ግን ከሁሉም የሚያሰጋው ከጾሙ ይልቅ ስግደቱ ነው።

12ኛው ጥያቄውን ጨርሶ ስቶታል። ክብደት ለመቀነስ የሚሮጥ ሰው ነው። በቀን 600 ግራም ስኳርና ዱቄት መብላት ያደለባል ብሎ አስጠነቀቀ። 13ኛው ትንሽ ሳቀበት፣ ግን አስረዳው። በጡንቻ የሚከማች አንድ ግራም ስንቅ ወደ ሦስት ግራም ውኃ ይዞ ይገባል። ሰኞ ጠዋት ሚዛኑ አንድ ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ ቢጨምር መጫኑ መሥራቱን ያሳያል፤ ስብ አይደለም። እግር ከበድ ማለቱም የዚያ ነው። 12ኛው አልተዋጠለትም። በ15ኛውም ተመልሶ ስለ ቦርጩ ጻፈ።

ከ14ኛው ጀምሮ ክሩ ወደ ውኃ ዞረ፤ ድምፁም የዚያን ጊዜ ሻከረ። 14ኛዋ ለአክፍሎቱ ማካካሻ እሑድ አምስት ሊትር ውኃ ጠጪ፣ በሩጫውም ላይ ያገኘሽውን ጣቢያ ሁሉ አትለፊ አለቻት። 16ኛው ተቃራኒውን ያዘ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2009 እ.ኤ.አ. ዱባይን ሲያሸንፍ ከክብደቱ 10 በመቶ የሚጠጋ እንዳጣ ተለክቷል። ስለዚህ ውኃ ለፈረንጅ ነው፣ ሐበሻ ደረቁን ይሮጣል አለ። ይህ ሰው ነገር ይወዳል። 14ኛዋን ከሰፈር ሱቅ ምክር የምትቀዳ አላት።

17ኛዋ ነርስ ናት፣ ቦስተን የምትሠራ። ሁለቱንም አልማረቻቸውም። መጀመሪያ 14ኛዋን። በ2002 እ.ኤ.አ. እዚሁ ቦስተን ማራቶን ላይ ሯጮች ሲጨርሱ ደማቸው ተመርምሮ ነበር። ከ488ቱ 13 በመቶዎቹ በደማቸው ያለው ጨው ከጤናማው መጠን በታች ወርዶ ተገኘ። ከሁሉ በላይ የሚለያቸው በሩጫው ላይ ክብደት ጨምረው መጨረሳቸው ነበር፤ ማለትም ከላባቸው በላይ ጠጥተዋል። ቀስ ብለው የሚሮጡት ይበልጥ ይጋለጣሉ፤ ለመጠጣት ጊዜ አላቸውና። ምልክቱንም ነገረችን። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ጣት አብጦ ቀለበት መጥበቅ፣ ከዚያ የአእምሮ መደናገር። አስቸጋሪው ውኃ የጠማው ሰው ከሚያሳየው ጋር መመሳሰሉ ነው። አይቶ ውኃ የሚሰጥ ሰው ነገሩን ያባብሰዋል። ጨው የቀጠነበትን ሰው ከተጠማው በግምት አትለዩም፤ ሚዛንና የደም ምርመራ ነው የሚለየው። ሰው ከተደናገረ ሐኪም ጋ ይሂድ አለች።

ወደ 16ኛው ዞራ ደግሞ ኃይሌ ሁለት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ሮጦ እንደጨረሰ አስታወሰችው። በዓለም ላይ ስንት ሰው እንደ ኃይሌ ይሮጣል? ከዚያም ላይ ካጣው ክብደት ከፊሉ ያቃጠለው ስንቅና ከስንቁ ጋር የተፈታው ውኃ ነው። እሱ ስለቻለው ሦስት ሰዓት ተኩል የሚሮጥ ሰው ይኮርጀው ማለት አይደለም። 16ኛው በ18ኛው መልስ ነርሶች ሁሉን ሰው በሽተኛ ያደርጋሉ ብሎ መለሰ። 19ኛው አስተዳዳሪው ነው፤ ጨዋነት ጠየቀ።

ነርሷ በ20ኛው ወደ ቁም ነገሩ ተመለሰች። ጠያቂዋ የራሷን ላብ እንድትለካ አዘዘቻት። እሷም ከሁለት ቀን በኋላ በ21ኛው ቁጥሩን ይዛ መጣች። በሩጫ ፍጥነቷ አንድ ሰዓት ሮጠች። ከመሮጧ በፊት ልብሷን አውልቃ 60.4 ኪሎ፣ ላቧን አድርቃ 59.8 ኪሎ። በመሐል 300 ሚሊ ሊትር ጠጥታለች። ስለዚህ ላቧ በሰዓት 900 ሚሊ ሊትር ነው። ነርሷ በ22ኛው ሠራችላት። በሦስት ሰዓት ተኩል ሦስት ሊትር ትንሽ አለፍ ያለ ላብ ይወጣል። በሰዓት ግማሽ ሊትር ገደማ ብትጠጣ አንድ ሊትር ከሦስት ሩብ ይገባል። የሚጎድለው ወደ አንድ ኪሎ ከግማሽ ነው፤ ከክብደቷ ሁለት በመቶ ትንሽ አለፍ ቢል ነው፣ አያስፈራም። ሁሉንም ለመመለስ አትሞክር። ቀኑ ቢሞቅ ጥሟ ይነግራታል። እሑድም አምስት ሊትር አያስፈልግም። ከምግቡ ጋር ትጠጣ፣ ሩዙ ላይ ጨው ይኑር፣ ሽንቷ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ሲሆን ይበቃል። እንደ ውኃ ነጭ ከሆነ አብዝታለች።

ዱባይ የምትሠራ አንዲት እህት በ23ኛው የራሷን አመጣች። በረመዳን ከማፍጠሪያው በኋላ ማታ ማታ ትሮጣለች። በአንድ ጊዜ ብዙ ውኃ ስትጠጣ ሌሊቱን ስትመላለስ እንደምታድርና ቴምርና ጨው ያለው ሾርባ ሲቀድሙ ግን ውኃው እንደሚቆይላት ጻፈች። ነርሷ አጸደቀችላት። ጨው ውኃን ይይዛል።

24ኛው ግን ሌላ እሳት ጫረ። አክፍሎት ይዞ ስለ ፓስታ ግራም ማውራት ጾሙን ማቃለል ነው፤ ሕማማት ላይ ስለ ሆድ የሚያስብ መጀመሪያውኑ ምን ጾመ አለ። 25ኛው መለሰለት፣ ጠንከር አድርጎ። ሴትዮዋ የጠየቀችው ከገደፈች በኋላ ስላለው ቀን ነው። አንብበህ ጻፍ አለው። 26ኛው አክፍሎት ግዴታ እንዳልሆነና ለንስሐ አባቷ ብታማክር እንደሚሻል አሳሰበ። 24ኛው ይህንንም አልተቀበለም። ይሄኛው ጉዳይ እስከ መጨረሻው አልተፈታም። የሚፈታበትም ቦታ እዚህ አልነበረም።

በመሐል ስለ ሩጫው ጠዋት የተጻፉ ሁለት መልሶች ጠቃሚ ነበሩ። ቦስተን ረፋድ ላይ ነው የሚጀመረው። የእሷ ዙር ከ4 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። አውቶቡሱ ግን 2 ሰዓት አካባቢ ያነሳቸዋል። 27ኛው፣ ሁለቴ የሮጠ ሰው፣ ሰው ሁሉ ቁርሱን ማልዶ በልቶ መነሻው ላይ እንደሚርበው ነገራት። 1 ሰዓት ላይ 120 ግራም ገደማ ትብላ፤ ዳቦ በማር፣ ሙዝ፣ ሻይ። ሌላ ሙዝ ይዛ ትሂድ፣ ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው ትብላው። 28ኛው በሩጫው ላይ ጄል ከሚባለው እየተሮጠ ከሚዋጥ የስኳር ዝልግልግ በሰዓት 90 ግራም ካርቦሃይድሬት ትውሰድ አለ። ቁጥሩን የሆነ ቦታ አይቶታል፣ ሐሰትም አይደለም። ነገር ግን እዚያ የሚደርሱት ሁለት ዓይነት ስኳር ቀላቅለው አንጀታቸውን ለወራት ያለማመዱ ናቸው። ባለሙያው በ29ኛው ዝቅ አደረገው። በልምምድ 50 ከለመደች 50 ትውሰድ፤ በየግማሽ ሰዓቱ አንድ ጄል፣ ከውኃ ጋር። ከጌቶሬድ ጋር ከሆነ ግን ስኳር በስኳር ላይ ይሆንና ሆድ ያቅለሸልሻል።

ስለ ማገገሚያው የተወራው አጭር ነው፤ እኔም አላረዝመውም። 30ኛው በጨረስሽ በ30 ደቂቃ ውስጥ ካልበላሽ ሁሉ ከንቱ ነው ብሎ አስፈራራት። ባለሙያው ጥድፊያው በዚያው ቀን ወይም በነጋታው ደግሞ ለሚሮጥ ሰው ነው አለ። ለእሱ በየሰዓቱ በኪሎ አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት፣ ለአራት ሰዓት ያህል። እሷ ግን ሳምንት ታርፋለች፤ ሆዷ ሲረጋ ትብላ። መጀመሪያ ጨው ያለው ሾርባና ዳቦ። ማታ ላይ ያ የተቀመጠው ዶሮ ወጥ ይምጣ። አንድ እግርና አንድ እንቁላል 25 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይሰጣል፤ ለተጎዳ ጡንቻ ያ ይበቃል። እንጀራውም አሁን ይመለስ። ውኃውን ደግሞ ከክብደቷ ለጎደለው ለእያንዳንዱ ኪሎ አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ትጠጣ፣ በአንዴ ሳይሆን እስከ ማታ። ጠላና ጠጁ ከዚያ በኋላ። አንድ ሰው ማዕዶት በዶሮ ሲከበር ይህ የመጀመሪያው አይደለም ብሎ አሳቀን።

ጠያቂዋ በ34ኛው ተመለሰች። አክፍሎቱን ይዛለች፣ ሰግዳለችም፣ ግን ከወትሮው ቀነስ አድርጋ። እሑድን እንደታዘዘችው በላች፤ ከአንድ ጉርሻ በቀር፣ አክስቷ አሸነፉ። ቅዳሜ ማታ 59 ኪሎ ነበረች፣ ሰኞ ጠዋት 60.6። ሆዷ ሰላም ነበር። የገባችው በ3 ሰዓት ከ38 ነው። እስከ 25ኛው ኪሎ ሜትር በፕላኗ ሄደች። ኒውተን ላይ ዳገቶቹ ሲጀምሩ ጭኗ ደነደነ፣ ከዳገቱ በኋላ ያለው ቁልቁለት ደግሞ አስለቀሳት። ስንቁ አልቆባት ነው ወይስ ሌላ ብላ ጠየቀች።

ባለሙያው በ35ኛው አንድ ነገር ጠየቃት፤ ጄል ስትወስድ ምን ተሰማት? ስንቅ ያለቀበት ሰው ራሱ ይቀልለዋል፣ ቀዝቃዛ ላብ ያልበዋል፣ ሐሳቡ ይበተናል። ስኳር ሲገባለት በአሥር ደቂቃ ውስጥ ዓይኑ ይገለጣል። የተጎዳ ጡንቻ ግን ለስኳር ደንታ የለውም፣ ቁልቁል ላይ ይወጋል። እሷም ጭንቅላቷ ጥርት ያለ እንደነበርና ጄሉ ምንም እንዳልለወጠ መለሰች። ስለዚህ ስግደቱ ነው አለ ባለሙያው። ዲያቆኑ በ37ኛው አልተስማማም። በሰዓቷ ላይ የተመዘገበውን አይቶ የመጀመሪያዎቹን አምስት ኪሎ ሜትሮች ቁልቁለቱ ይዟት ከፕላኗ በጣም ፈጥና እንደሮጠች አሳየን። ስግደት ባይኖርም ያ ብቻ ጭን ይጨርሳል አለ። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። እኔ ወደ ዲያቆኑ አደላለሁ፤ ቦስተን መጀመሪያው ላይ ብዙ ሰው ያታልላል።

16ኛው በ39ኛው ብቅ ብሎ ውኃ ባትጠጣ ኖሮ 3 ሰዓት ከ30 ትገባ ነበር አለ። ማንም አልመለሰለትም። 40ኛዋ የ2018ቱን ቆጥራ መጣች። ፋሲካ ሚያዝያ 4፣ ቦስተን ሚያዝያ 12። በመሐል ስምንት ቀን አለ፣ ያውም የመገድፊያው ሳምንት። አሁን ደግሞ ጥያቄው ተገልብጧል። ሳምንቱን ሙሉ ሥጋና ቅቤ የተበላ እንደሆነ ለሩዙና ለፓስታው ቦታ የሚገኘው ከየትኛው ቀን ጀምሮ ነው? ባለሙያው ከቅዳሜ ጠዋት አለ፣ እማማ ደግሞ ከዳግማይ ትንሣኤ ማታ። ሁለቱ እስካሁን እየተጻጻፉ ናቸው።